መልስ ስላጡ ማመልከቻዎች ለእንባ ጠባቂ ተቋም የሚጻፍ አቤቱታ፤ ታሪኩን በቀን ቅደም ተከተል ስለ ማቅረብ

በቦንጋና በአካባቢዋ በቡና ንግድ የሚተዳደር ሰው ሁለት የጊዜ ቀጠሮዎች በአንድ ወቅት ይገጥሙታል። አንደኛው የተፈጥሮ ቀጠሮ ነው፤ ይኸውም እሸት ቡና ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እየቀላ የሚለቀምበትና የሚገዛበት ወራት ነው። ሁለተኛው የሕግ ቀጠሮ ነው፤ ይኸውም የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ያለው ጊዜ ነው። ፈቃዱ እንዲታደስ የብቃት ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ነጋዴ ማረጋገጫውን በጊዜው ያላገኘ እንደ ሆነ፥ ቡናው በደጁ እያለፈ እርሱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የሰጪው መሥሪያ ቤት መልስ በሁለትና በሦስት ወር መዘግየት ለሌላ ሰው የትዕግሥት ጉዳይ ሲሆን፥ ለቡና አቅራቢ ግን የአንድ ዓመት ሥራ ማጣት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ቢከለክል ነገሩ አስቸጋሪ ቢሆንም መንገዱ የታወቀ ነው። ክልከላ ቁጥርና ቀን፥ ምክንያትና ፊርማ ስላለው ይግባኝ ይባልበታል። ዝምታ ግን ቁጥርም ቀንም ፊርማም የለውም። ስለዚህ ዝም የተባለ ሰው በመጀመሪያ የሚጠበቅበት ሥራ ዝምታውን ራሱን ማስረዳት ነው። ይህንንም ለማስረዳት የሚያገለግለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተደረገውን ግንኙነት ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ዝርዝር ነው።

ተቋሙና የሥልጣኑ ወሰን

እንደሚታወቀው በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 15 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእንባ ጠባቂ ተቋምን እንዲያቋቁም ያዛል። በዚሁም መሠረት የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሟል። የዚህ ዓይነት ተቋም በዓለም ላይ የቆየ ሲሆን፥ በስዊድን አገር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1809 ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን ስሙ እንጂ አሳቡ አዲስ አይደለም፤ የተበደለ ሰው በዳኛና በሹም ፊት «አቤት» እያለ የመጮኽ ልማድ ከጥንት የቆየ ነውና።

ተቋሙ የሚመረምረው የአስተዳደር በደልን ነው። ይኸውም የመንግሥት አስፈጻሚ አካላት አስተዳደርን የሚመለከቱ ሕጎችን በመተላለፍ የሚፈጽሙት ድርጊት ወይም የሚሰጡት ውሳኔ ነው። አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም፤ በጽሑፍም በቃልም ማቅረብ ይቻላል። ባለጉዳዩ ራሱ ባይችል የትዳር ጓደኛው፥ ቤተ ዘመዱ ወይም ወኪሉ ሊያቀርብለት ይችላል። ዳሩ ግን ተቋሙ የማይነካቸው ጉዳዮች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ ለነጋዴ ይበልጥ የሚያስፈልገው በማናቸውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለ ጉዳይ በተቋሙ የማይመረመር መሆኑ ነው። ስለሆነም ክስ የመሠረተ ሰው በዚያው ጉዳይ ለተቋሙ ቢያመለክት አቤቱታው ገና ከደጅ ይመለሳል። እንዲሁም ለተቋሙ ማመልከት የፍርድ ቤትን የጊዜ ገደብ ያቆማል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ከዚህም ጋር ተቋሙ ፍርድ ቤት አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። መሥሪያ ቤቱን ይጠይቃል፥ ማስረጃ ያያል፥ ጉዳዩ በስምምነት እንዲያልቅ ይጥራል፤ በደል መፈጸሙን ያረጋገጠ እንደ ሆነ እንዲታረም የመፍትሔ አሳብ ይሰጣል። ኪሣራ ቆጥሮ የሚያስከፍል ግን ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታውም መጻፍ ያለበት ይህን በማሰብ ነው።

የግንኙነቱ ማስረጃ ከየት ይገኛል

የአቤቱታው ብርታት የሚመነጨው አቤቱታው በሚጻፍበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ማመልከቻ በሚሰጥበት ቀን ነው። ማመልከቻ ለመዝገብ ቤት በሁለት ቅጂ ይቀርባል። መዝገብ ቤቱ አንዱን ተቀብሎ የገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ በአመልካቹ እጅ በሚቀረው በሁለተኛው ቅጂም ላይ ያንኑ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያደርግበታል። ይህ ማኅተም ያረፈበት ቀሪ ቅጂ ከአመልካቹ ቃል ሁሉ ይበልጣል። የገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ «አልደረሰንም» ለሚል መልስ የተመቸ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በደብዳቤው ጠርዝ ላይ ጉዳዩ ለየትኛው ክፍል እንደ ተመራ ይጽፋል። አመልካቹ የተመራበትን ክፍልና ቀን ከመዝገብ ቤቱ ጠይቆ ቢመዘግብ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ደብዳቤው የቆመው በማን ጠረጴዛ ላይ እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። በሩቅ ከተማ ላለ መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ በሪኮማንዴ ሲላክ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማስረጃ ይሆናል።

ችግር የሚያመጣው በአካል መመላለስ ነው። ብዙ ነጋዴ አሥር ጊዜ ተመላልሶ አንድም ጊዜ የሄደበትን ማረጋገጫ አይዝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አመልካቹ በአካል ሄዶ በቃል መልስ በተሰጠው ዕለት፥ ቢዘገይ በማግስቱ፥ «በዚህ ቀን በጽሕፈት ቤቱ ቀርቤ ይህን ተነግሮኛል» የምትል አጭር ደብዳቤ ጽፎ በመዝገብ ቤት በኩል ቢያስገባ በአየር ላይ የቀረው ቃል በወረቀት ላይ ያርፋል። የስልክ ጥሪም እንዲሁ ነው፤ የተደወለበት ቁጥር፥ ቀኑ፥ ሰዓቱና መልስ የሰጠው ሰው የሥራ ደረጃ በዕለቱ መመዝገብ አለበት።

አንድ ጉዳይ በምሳሌ

የዝርዝሩን አሠራር ለማሳየት የሚከተለው ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። አንድ በቦንጋ አካባቢ የሚሠራ የቡና አቅራቢ የብቃት ማረጋገጫው እንዲታደስለት አመለከተ እንበል። በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር አገልግሎቱ በ10 የሥራ ቀን እንደሚፈጸም ይናገራል። ነጋዴው ለተቋሙ በሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ የግንኙነቱ ታሪክ እንደሚከተለው ይቀመጣል።

1ኛ/ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የእድሳት ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤቱ ገባ። የገቢ ቁጥር 118። መልስ አልተሰጠም። (አባሪ 1)

2ኛ/ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. አመልካቹ በአካል ቀርቦ ጠየቀ። ባለሙያው ለመስክ ሥራ ወጥቷል ተባለ። የጽሑፍ ማስረጃ የለም።

3ኛ/ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. አመልካቹ በአካል ቀረበ። የግብር ክሊራንስ ከማኅደሩ እንደ ጎደለ በቃል ተነገረው። የተነገረውን በመግለጽ በዕለቱ ደብዳቤ አስገባ። የገቢ ቁጥር 167። (አባሪ 2)

4ኛ/ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጠየቀው ክሊራንስ በመሸኛ ደብዳቤ ገባ። የገቢ ቁጥር 174። መልስ አልተሰጠም። (አባሪ 3)

5ኛ/ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የጽሑፍ ቅሬታ ቀረበ። የገቢ ቁጥር 203። መልስ አልተሰጠም። (አባሪ 4)

6ኛ/ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ በሪኮማንዴ ተላከ። (አባሪ 5፥ የፖስታ ቤት ደረሰኝ)

7ኛ/ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ተደወለ። ቅሬታው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመርቷል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መልስ የለም።

8ኛ/ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ አለፈ።

አቤቱታው የተጻፈው ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው ቢባል፥ ይህ ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ያልቃል። እያንዳንዱ ቁጥር የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው፤ መቼ፥ ለማን፥ ስለ ምን፥ ምን መልስ ተገኘ የሚሉት ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ያለ ቃል፥ ማለትም «በንቀት»፥ «በተንኮል»፥ «ሆን ተብሎ» የሚለው ሁሉ፥ በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የለውም። የሰውን አሳብ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው፤ ማኅተምን ማስረዳት ግን ቀላል ነው። ከስምንቱ አንዱ እንኳ በስድብ የታጀበ እንደ ሆነ መርማሪው ከቀኑ ይልቅ በንዴቱ ላይ ያተኩራል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለይ ሊስተዋሉ ይገባል።

የመጀመሪያው 2ኛው ቁጥር ነው። ነጋዴው ማስረጃ እንደሌለው በራሱ አፍ ተናግሯል። አንዳንድ ሰው ይህን ድካም መስሎት ይተወዋል ወይም ማስረጃ ያለው አስመስሎ ያልፈዋል። ነገር ግን መርማሪው አባሪዎቹን ከዝርዝሩ ጋር ማስተያየቱ አይቀርም። አንድ ቁጥር ያለ አባሪ ባዶ ሆኖ ያገኘ እንደ ሆነ የቀሩትን ሰባት መጠራጠር ይጀምራል። የማስረጃውን አለመኖር አስቀድሞ የገለጸ ሰው ግን በቀሩት ላይ እምነት ያተርፋል።

ሁለተኛው 3ኛውና 4ኛው ቁጥር ናቸው። ክሊራንሱ መጉደሉ ነጋዴውን የሚጎዳ ቢመስልም መደበቅ የለበትም። ተቋሙ አቤቱታውን እንደ ተቀበለ ለጽሕፈት ቤቱ ጽፎ መልስ ይጠይቃል፤ ጽሕፈት ቤቱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ምክንያት «ተገልጋዩ ሰነድ አላሟላም» የሚል ይሆናል። ነጋዴው ነገሩን ራሱ ከገለጸና ጥቅምት 22 ቀን ማሟላቱን በገቢ ቁጥር 174 ካሳየ ይህ ምክንያት ሳይነገር ያልቃል። ካልገለጸ ግን እውነተኛው አቤቱታ የተደበቀ ነገር ያለበት መስሎ ይታያል።

የቀኑ ቆጠራም በዚሁ መንገድ መሠራት አለበት። ከመስከረም 20 ቀን እስከ ጥር 6 ቀን 106 ቀን ይሆናል። ነጋዴው ይህን ትልቁን ቁጥር መጻፍ ይወድዳል፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ማኅደሩ እስከ ጥቅምት 22 ቀን አልተሟላም ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንግዲህ ከጥቅምት 22 ቀን በኋላ ቅዳሜንና እሑድን ትቶ 10 የሥራ ቀን ቢቆጠር ቀጠሮው ኅዳር 6 ቀን ይሞላል። ከዚያ እስከ ጥር 6 ቀን ልክ 60 ቀን ነው። ይህ 60 ቀን ከ106ቱ ያነሰ ቢሆንም ጽሕፈት ቤቱ ራሱ በለጠፈው መለኪያና በራሱ መዝገብ የተረጋገጠ ስለሆነ ሊካድ አይችልም። ስለዚህ በአቤቱታው መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ነው። ሌላውም በዝርዝሩ ውስጥ ከነምክንያቱ ይታያል።

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ዓይነት ቆጠራ ያመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ ከጳጉሜን በቀር ስሕተት የሚያመጣ ነገር የለም። ስሕተት የሚመጣው ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች በአንድ ደብዳቤ ሲደባለቁ ነው። የባንክ ወረቀትና በኮምፒዩተር የሚታተም ደረሰኝ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ቀን ይይዛል። በዝርዝሩ ውስጥ ቀኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍና፥ አባሪው የፈረንጅ ቀን ያለው እንደ ሆነ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ከጎኑ ይታከልበት።

የክልሉ መለወጥ ያመጣው ጥያቄ

በካፋ ዞን ያለ ነጋዴ በሌላ ቦታ የማያጋጥም አንድ ተጨማሪ ችግር ሊያጋጥመው ይችላል። ዞኑ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አካል ነበረ፤ የበላይ መሥሪያ ቤቶቹም በሐዋሳ ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የበላይ መሥሪያ ቤቶቹ ተለወጡ። አዲሱም ክልል በአንድ ከተማ ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በቦንጋ፥ በሚዛን አማን፥ በተርጫና በቴፒ መቀመጫዎች ያሉት ነው።

ከዚህ የተነሣ ከ2014 ዓ.ም. በፊት የተጀመረ ጉዳይ ያለው ሰው የደብዳቤዎቹ ሰንሰለት በመካከል የተበጠሰ መስሎ ይታያል። በቀድሞው ክልል የተጻፉት ደብዳቤዎች በአዲሱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች መጨመር ይገባቸዋል። እነርሱም የቀድሞው መሥሪያ ቤት ሥራ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ተላለፈ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገርና፥ የቀድሞዎቹ ደብዳቤዎች ቅጂ ለአዲሱ መሥሪያ ቤት የቀረበበት ቀንና የገቢ ቁጥር ናቸው። አዲሱ መሥሪያ ቤት ባልደረሰው ደብዳቤ ሊወቀስ አይገባም፤ ቅጂው ከደረሰው በኋላ ስላለው ዝምታ ግን ይጠየቃል። የበላይ መሥሪያ ቤቱ በየትኛው ከተማ እንደሚገኝም አስቀድሞ ማጣራት ይገባል፤ ወደ ተሳሳተ ከተማ የተላከ ሪኮማንዴ በዝርዝሩ ውስጥ የማስረጃ ዋጋ የለውምና።

የደብዳቤው አቀማመጥና ልመናው

ደብዳቤው በላዩ ቀንና የአመልካቹን ሙሉ አድራሻ ይይዛል። «ጉዳዩ» በሚለው መስመር የመሥሪያ ቤቱ ስምና የተጠየቀው አገልግሎት በአጭሩ ይጻፋሉ። የመጀመሪያው አንቀጽ ከአምስት መስመር ሳይበልጥ ምን እንደ ተጠየቀ፥ በስንት ቀን መፈጸም እንደ ነበረበትና ከዚያ ወዲህ ስንት ቀን እንዳለፈ ይናገራል። ሁለተኛው ክፍል የቀን ዝርዝሩ ነው። ሦስተኛው ጉዳቱን ይገልጻል፤ በዚህም በሰነድ የሚደገፈው ብቻ፥ ለምሳሌ የእድሳት ቅጣቱ ደረሰኝ ወይም ለቡና ግዢ የተወሰደው የባንክ ብድር ውል፥ ይጠቀሳል። አራተኛው ልመናው ነው። በመጨረሻም ጉዳዩ በፍርድ ቤት እየታየ አለመሆኑ ይገለጻል። አባሪዎቹ በዝርዝሩ ቁጥር ተራ ይያያዛሉ፤ የሚላከው ቅጂ ሲሆን ዋናው በአመልካቹ እጅ ይቆያል።

ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው በልመናው ላይ ነው። ዝም የተባለ ሰው ሊጠይቅ የሚችለው ከሁሉ የጸና ነገር ውሳኔ ነው፤ ይኸውም ጽሕፈት ቤቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ ማረጋገጫውን እንዲሰጥ ወይም የማይሰጥበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲገልጽ ነው። ነጋዴው ከዚህ አልፎ «ማረጋገጫው ይገባኛል» የሚለውን ክርክር ቢጨምር ጽሕፈት ቤቱ ስለ ዝምታው ከመመለስ ይልቅ ስለ መጋዘኑ ስፋትና ስለ መፈልፈያው ሁኔታ መከራከር ይጀምራል። ያን ጊዜ 60ው ቀን ይረሳል። ነገር ግን ልመናው መልስ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ጽሕፈት ቤቱ የሚያመልጥበት በር የለም፤ መልስ ሰጥቶ ከሆነ ደብዳቤውን ማሳየት፥ ካልሰጠ መስጠት አለበትና። መልሱ ክልከላ ቢሆን እንኳ ቁጥርና ቀን፥ ምክንያትና ፊርማ ያለው ወረቀት ስለሆነ የሚቀጥለው መንገድ ይከፈታል።

የቅጣት ጥያቄም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አይገባም። በመዝገብ ቤት የሚሠራውን ወይም ባለሙያውን በስም ከመክሰስ ይልቅ የሥራ ደረጃውን መጥቀስ ይበቃል። ዝርዝሩ በትክክል ከተሠራ ደብዳቤው የቆመበትን ጠረጴዛ ራሱ ያሳያል።

አቤቱታው ለተቋሙ ከገባ በኋላም የሚሰጠው የመዝገብ ቁጥር ተይዞ የቀን ዝርዝሩ ይቀጥላል። ጽሕፈት ቤቱ በመካከሉ ቢጠራ፥ ተጨማሪ ሰነድ ቢጠይቅ ወይም ማረጋገጫውን ቢሰጥ፥ ነጋዴው በ9ኛና በ10ኛ ተራ ቁጥር ጨምሮ ያንኑ የመዝገብ ቁጥር በመጥቀስ ለተቋሙ ያሳውቃል። ማረጋገጫው ከተገኘም ይህንኑ መግለጽ የአመልካቹ ግዴታ ነው። ጉዳዩ ያለቀ አቤቱታ በመዝገብ ላይ ሲቆይ የሌላውን አቤት ባይ ተራ ያዘገያልና።